«ጥያቄ አለሽ?» ሲሉሽ ምን ትያቸዋለሽ

ጥያቄ፦ «ሰላም። ሦስት ዓመት በአንድ ማይክሮፋይናንስ የብድር ባለሙያ ሆኜ ሠርቻለሁ። አሁን ሰንጋ ተራ ዋና መሥሪያ ቤቱ ያለ አንድ የግል ባንክ ለክሬዲት አናሊስት የጽሑፍ ፈተናውን አልፌ ለቃለ መጠይቅ ተጠርቻለሁ፤ ቀኑ የሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ነው። ከዚህ በፊት ሁለት ቦታ መጨረሻ ላይ ‹ጥያቄ አለሽ?› ሲሉኝ ‹የለኝም፣ አመሰግናለሁ› ብዬ ወጣሁ። ሁሉም ሰው ‹ስለ ድርጅቱ አጥኚ› ይለኛል። ምኑን ነው የማጠናው? ከየት? ያጠናሁትንስ እንዴት ጥያቄ ላድርገው?»

ምላሽ፦ ባንክ መሆኑ ጠቅሞሻል እህቴ። እዚህ አገር ካሉ የግል ድርጅቶች ጓዳውን በየዓመቱ አትሞ ለሕዝብ የሚያወጣ እንደ ባንክ የለም። የጠራሽ አስመጪ ወይም ፋብሪካ ቢሆን ኖሮ etrade.gov.et ላይ ንግድ ፈቃዱን ከማየት፣ ሰው ከመጠየቅና ከመገመት ሌላ ብዙ አማራጭ አይኖርሽም ነበር።

ድረ ገጹ ላይ ያለው ራዕይና ተልዕኮ አምስት ደቂቃ ይበቃዋል። የሁሉም ባንክ ራዕይ «ተመራጭ ባንክ መሆን» ነው፤ ስሙን ሸፍነሽ ብታነቢው የማን እንደሆነ አታውቂውም። ከዚያ ጥያቄ አይወጣም። የተቋቋመበትን ዓመት፣ የቅርንጫፍ ብዛቱንና የፕሬዚዳንቱን ስም ያዢና እለፊ። እነዚህን ብትጠየቂ እንድትመልሺ እንጂ እንድትጠይቂባቸው አይደለም።

እኔ ቃለ መጠይቅ ፓነል ላይ ለዓመታት ስቀመጥ ያየሁት አንድ ነገር ነው። ጥሩ ጥያቄ የሚወለደው ባንኩ ስለራሱ የሚናገረውና ሌላ ቦታ ላይ የሚታየው በማይገጥሙበት ቦታ ነው። ስለዚህ ሥራሽ መረጃ ማከማቸት ሳይሆን ያንን ክፍተት መፈለግ ነው። ሁለት ምሽት በቂ ነው።

የመጀመሪያው ምሽት ለዓመታዊ ሪፖርቱ ይሁን። የባንኮች የበጀት ዓመት በሰኔ ይዘጋል። ኦዲት ተደርጎ፣ ለባለአክሲዮኖች ጠቅላላ ጉባኤ ቀርቦ፣ ታትሞ እስኪወጣ ወራት ያልፋሉ። እና እጅሽ የሚገባው ሪፖርት የቅርብ ሊመስልሽ ይችላል እንጂ ውስጡ ያለው ቁጥር ሊከርም ይችላል። የሁለት ተከታታይ ዓመት ሪፖርት ከድረ ገጻቸው አውርጂ። ድረ ገጹ ላይ ካጣሽው ባለአክሲዮን የሆነ ዘመድ ወይም ጎረቤት አይጠፋም፤ አዲስ አበባ ውስጥ ትንሽም ብትሆን የባንክ አክሲዮን ያለው ሰው ብርቅ አይደለም።

ሪፖርቱን ከፊት ወደ ኋላ አታንብቢው። የቦርድ ሰብሳቢው መልእክት በሚያምር ፎቶ ታጅቦ ፊት ላይ አለ፤ እሱን አንብቢና «ምን ብለው ተኩራሩ?» የሚለውን በሁለት መስመር ጻፊ። ከዚያ ዝለይና መጨረሻ አካባቢ ወዳሉት የሒሳብ ማብራሪያዎች ሂጂ። ሰው ሁሉ የሚሰለቸው እዚያ ነው። ላንቺ ሥራ የሚሆነው ግን እዚያ ነው ያለው፦ ብድር በዘርፍ ሲከፋፈል፣ ብድር በጥራት ደረጃ ሲመደብ፣ የሠራተኛ ወጪ፣ በፍርድ ቤት የተያዙ ጉዳዮች።

በምሳሌ እንየው። ቁጥሮቹ ለማሳያ ያህል እኔ ያቃለልኳቸው ናቸው፤ የባንክሽን ራስሽ ትሞያለሽ። ተቀማጭ ገንዘብ ከ40 ቢሊዮን ወደ 52 ቢሊዮን ብር አደገ እንበል። ብድር ደግሞ ከ30 ቢሊዮን ወደ 33.9 ቢሊዮን። ተቀማጩ በ30 በመቶ፣ ብድሩ በ13 በመቶ ማለት ነው። አይንሽ ወዲያው እዚህ ላይ ያርፍና «አገኘሁ! ይህን ያህል ገንዘብ ሰብስባችሁ ለምን አላበደራችሁም?» ብለሽ ልትጠይቂ ትችያለሽ።

እንዳትጠይቂ። ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 የባንኮች ዓመታዊ የብድር ዕድገት ከ14 በመቶ እንዳይበልጥ ጣሪያ አበጀለት፣ በታኅሣሥ 2017 ወደ 18 በመቶ ከፍ አደረገው፤ የወቅቱን ከቃለ መጠይቁ በፊት nbe.gov.et ላይ ከገንዘብ ፖሊሲ ኮሚቴው መግለጫ አይተሽ ግቢ። እዚያ ወንበር ላይ የተቀመጡት ሰዎች ይህ ጣሪያ ዓመቱን ሙሉ እንቅልፍ የነሳቸው ናቸው። ለክሬዲት አናሊስትነት የመጣች ሰው ጣሪያውን ካላወቀች፣ ጥያቄዋ ነጥብ ሊያስጥላት ሁሉ ይችላል። ጣሪያውን አውቃ ከመጣች ግን ያው ቁጥር ሌላ ጥያቄ ይሆናል፦ «የብድር ጣሪያው ባለበት ጊዜ የክፍሉ ሥራ ከአዲስ ብድር ትንተና ወደ ነባር ብድር ክትትል ምን ያህል ዞሯል? አዲስ የሚገባ አናሊስት የመጀመሪያ ወራቱን በየትኛው ላይ ነው የሚያሳልፈው?» ይኸኛው አይከስም። መልሱ ደግሞ ያንቺን ቀን ይነካል፤ አዲስ ፋይል ልትሠሪ ነው የምትገቢው ወይስ ያረጀ ፋይል ልታሳድጂ?

አሁን ወደ ዋናው ክፍተት እንሂድ። ባንኮች ብድራቸውን በዓለም አቀፉ የሒሳብ መስፈርት በአይ ኤፍ አር ኤስ 9 መሠረት በሦስት ስቴጅ ይመድባሉ። ስቴጅ 1 ጤነኛው ነው። ስቴጅ 2 ገና አልተበላሸም፣ ግን ከተሰጠበት ቀን ይልቅ ስጋቱ በግልጽ ጨምሯል፤ ክፍያው ከ30 ቀን በላይ ከዘገየ በመርህ ደረጃ እዚህ ይገባል። ስቴጅ 3 እኛ በተለምዶ የተበላሸ ብድር የምንለው ነው፣ ብዙውን ጊዜ 90 ቀን ያለፈው። ማይክሮፋይናንስ ውስጥ ስለሠራሽ ሐሳቡ አይከብድሽም፤ የዘገየ ክፍያ እያሳደድሽ ቤት ለቤት ዞረሽ ታውቂያለሽ።

በምሳሌያችን የቦርድ ሰብሳቢው «የተበላሸ ብድር ምጣኔያችን 4 በመቶ ነው፣ ከብሔራዊ ባንክ የ5 በመቶ ወሰን በታች ነው» ብለው ጽፈዋል። እውነት ነው። ማብራሪያው ላይ ስቴጅ 3 ከ3 በመቶ ወደ 4 በመቶ ነው የሄደው። ግን ከሱ በላይ ያለውን መስመር እይው። ስቴጅ 2 ከ2.4 ቢሊዮን ወደ 5.1 ቢሊዮን ብር ዘልሏል፣ ከጠቅላላ ብድሩ ከ8 በመቶ ወደ 15 በመቶ ማለት ነው። ማንም አልዋሸም። መልእክቱ በሩን አልፎ የገባውን ቆጠረ፣ ማብራሪያው በር ላይ የተሰለፈውንም ቆጠረ።

ይህን ይዘሽ ሁለተኛው ምሽት ላይ ከባንኩ ውጪ ያለውን ትፈልጊያለሽ። ሪፖርተርን ወይም አዲስ ዘመንን አንሺና የሐራጅ ማስታወቂያዎቹን ተመልከቺ። ባንኮች በዋስትና የያዙትን ንብረት በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ፍርድ ቤት ሳይሄዱ በሐራጅ መሸጥ ይችላሉ፣ ስለዚህ ማስታወቂያቸው ጋዜጣ ላይ በየጊዜው አለ። ያለፉትን ሁለት ወራት ጋዜጦች ብቻ ተመልከቺ፤ ጋዜጣ አንባቢዎች የሚያዘወትሩት ካፌ ውስጥም የቆየ ቅጂ አይጠፋም፣ ቤተ መጻሕፍትም አለ። የባንኩን ስም ባየሽ ቁጥር ሦስት ነገር ብቻ መዝግቢ፦ ምን ዓይነት ንብረት ነው፣ የት ነው ያለው፣ ለስንተኛ ጊዜ ነው የወጣው። ገልባጭ መኪና፣ ሎደር፣ ያላለቀ ሕንፃ እየተደጋገመ ከመጣና ከሪፖርቱ የዘርፍ ሠንጠረዥ ላይ ኮንስትራክሽን ትልቅ ድርሻ ይዞ ካገኘሽው፣ ስቴጅ 2 ውስጥ የተሰለፈው ማን እንደሆነ መገመት ትጀምሪያለሽ። «ለሁለተኛ ጊዜ የወጣ» የሚለው ቃልም ይናገራል፤ ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያው ሐራጅ ላይ ገዢ አልቀረበም ማለት ነው፣ ዋስትናው ሲገመት ተጋኖ ሊሆን ይችላል።

ግን ግምት ነው። ስቴጅ 2 የሚጨምረው ባንኩ የስሌት ሞዴሉን ስላጠበቀም ሊሆን ይችላል። ወይም ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ አስመጪ ደንበኞች ተጨናንቀው ሊሆን ይችላል። የሐራጅ ማስታወቂያም ብዙውን ጊዜ ከዓመታት በፊት የተሰጠ ብድር ውጤት ነው፤ አሁን ወንበሩ ላይ ያሉት ሰዎች ያልወሰኑት ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው ፍርድ ሳይሆን ጥያቄ ይዘሽ የምትገቢው። የምታውቂው ልዩነቱ እንዳለ ነው፣ ምክንያቱን የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

እና እንዴት ትጠይቂያለሽ? መጥፎው እንዲህ ይላል፦ «ስቴጅ 2 ብድራችሁ በእጥፍ ጨምሯል፣ ሐራጃችሁም በዝቷል፤ ችግሩ ምንድን ነው?» ኦዲተር ሆነሽ አረፍሽው። የክሬዲት ዳይሬክተሩ እዚያው ቁጭ ብሎ ነው፣ ከሰው ኃይል ኃላፊዋ ፊት መልስ ስጥ እያልሽው ነው። የተማረ ሰው ነው፣ በትሕትና ይመልስልሻል፣ ከዚያ ነጥብ መስጫው ላይ የፈለገውን ይጽፋል።

ጥሩው እንዲህ ነው፦ «የባለፈውን ዓመት ሪፖርት ማብራሪያ ሳነብ ስቴጅ 2 ላይ ያሉ ብድሮች ድርሻ ከፍ ማለቱን አየሁ። እኔ ማይክሮፋይናንስ ውስጥ ብድሩን የማጠናውም የምከታተለውም ራሴ ነበርኩ። እዚህ ግን አናሊስቱ ብድሩ ከተለቀቀ በኋላ ክትትሉ ላይ ድርሻ አለው ወይስ ፋይሉ ለሌላ ክፍል ይተላለፋል? አንድ ብድር ሲዘገይስ መረጃው ወዳጠናው ሰው ይመለሳል?»

ምን እንደተሠራ እይው። ጠያቂዋ ያየችውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ተናገረች፣ ከየት እንዳየችውም ጠቆመች፣ ቁጥር አልደረደረችም። ከራሷ ልምድ ጋር አገናኘችው። ጥያቄው ስለ ባንኩ ጥፋት ሳይሆን ስለ ሥራው አካሄድ ሆነ። ዳይሬክተሩ ስለ ስቴጅ 2 መናገር ከፈለገ ይናገራል፣ ካልፈለገ ስለ ሥራ ፍሰቱ ብቻ ነግሯት ያልፋል፤ ማንም ጥግ አልተያዘም። ሐራጁን አላነሳችውም፣ ልብ በይ። ሐራጁ ለራሷ ማረጋገጫ ነው። ያወቅሽውን ሁሉ መናገር የለብሽም፤ ሰንጋ ተራ ያለ ባለሙያ አንድ ዓረፍተ ነገር ሲሰማ ከጀርባው ስንት ገጽ እንደተነበበ ይገባዋል።

መልሱን ስትሰሚ ደግሞ አድምጪ። «በጋራ ነው የምንሠራው፣ ቲም ወርክ አለ» ካለሽ ምንም አልተመለሰልሽም፤ «ለምሳሌ አንድ ደንበኛ ሁለት ወር ቢዘገይ መጀመሪያ ማን ነው የሚደውለው?» ብለሽ አንዴ አስከትይ። አንዴ ብቻ። «የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ» ካሉሽ አንድ ነገር ነው፣ «አናሊስቱ» ካሉሽ ሌላ ሥራ ነው፣ ተያይተው ሁለት የተለያየ መልስ ከሰጡሽ ደግሞ የኃላፊነት ወሰኑ እዚያ ቤት እንዳልለየ አወቅሽ ማለት ነው። ይህን ቀድመሽ ማወቅሽ ያድንሻል፣ ምክንያቱም ብድር ሲበላሽ መጀመሪያ የሚጠራው የፈረመበት ሰው ነው።

ሁለተኛው ክፍተት የሥራ ማስታወቂያው ራሱ ነው። የአብዛኛው ሰው ዐይን «ተፈላጊ ችሎታ» ላይ ይቀራል። አንቺ ግን ወደኋላ ሂጂ። የባንኩን የቴሌግራም ቻናል፣ ኢትዮጆብስን፣ የሪፖርተርን የረቡዕና የእሑድ እትም ላለፈው አንድ ዓመት ፈልጊ። ይኸው ክሬዲት አናሊስት ስንት ጊዜ ወጥቷል? ቦታው ዋና መሥሪያ ቤት ነው ወይስ ቅርንጫፍ? ብዛቱስ? ደጋግሞ መውጣቱ ብቻውን ምንም አይልም፤ ባንኩ እየሰፋ ከሆነ ሰው ይቀጥራል። ከሪፖርቱ የሠራተኛ ቁጥር ጋር ስታስተያዪው ነው የሚናገረው። የሠራተኛው ብዛት እምብዛም ሳይጨምር አንድ ቦታ በዓመት ሦስት ጊዜ ከወጣ፣ ሰው እየገባ እየወጣ ነው።

ለዚህ ጥያቄው አጭር ነው፦ «ይህ ቦታ አዲስ የተከፈተ ነው ወይስ ቀድሞ ሰው ነበረበት? ከነበረስ አሁን የት ነው ያለው?» «አድጎ ሲኒየር ሆኗል» ከሆነ ደስ ይላል። «ለቋል» ቢሉሽም ክፉ አይደለም፣ ባንክ ለባንክ መነጣጠቅ የተለመደ ነው፤ ዝም ብለው መልሱን ካድበሰበሱት ግን ውጪ ጠይቂ።

ውጪ ስል ሰው ማለቴ ነው። ከሜክሲኮ እስከ ሰንጋ ተራ ባለው ሰፈር ምሳ ሰዓት ላይ የባንክ ባጅ ያላንጠለጠለ ሰው ማግኘት ይከብዳል። ዝም ብለሽ የማያውቅሽ ሰው ላይ አትሂጂ፤ ከክፍል ጓደኞችሽ አንዷ እዚያ የሚሠራ ሰው ታውቃለች፣ ቡና ጋብዢው። ስህተቱ «ጥሩ መሥሪያ ቤት ነው?» ብሎ መጠየቅ ነው። «ደህና ነው፣ ይሻላል» ይልሻል፣ ቡናሽንም ጠጥቶ ይሄዳል። የሚያዩትንና የሚቆጠረውን ጠይቂ፦ በወር መጨረሻና በሰኔ ስንት ሰዓት ነው የምትወጡት? አንድ የብድር ፋይል ከቅርንጫፍ መጥቶ ውሳኔ እስኪያገኝ ስንት ቀን ይፈጃል? አናሊስቱ «አይሆንም» ብሎ ጽፎ ኮሚቴው ያጸደቀው ብድር ታውቃለህ? ሦስተኛውን ሲሰማ ከሳቀ፣ ሳቁን አስታውሺው። እዚያ ቢሮ ግን «አንድ ሠራተኛችሁ እንደነገረኝ» የሚል ቃል ካፍሽ አይውጣ፤ ከሰዓት በኋላ ማን እንደሆነ ሲፈለግ ይውላል። ከሰው የሰማሽው ጥያቄሽን ይሳል እንጂ ምንጭ ሆኖ አይጠቀስ። እንዲህ ከተሳሉት ጥያቄዎች አንዱ ይኸው፦ «የአናሊስቱ አስተያየትና የብድር ኮሚቴው ውሳኔ ሲለያዩ በጽሑፍ የሚመዘገበው እንዴት ነው?» ይህን የምትጠይቅ አናሊስት የብድር ሥራ ውስጥ እንደነበረች ወዲያው ይታወቃል።

ለፓነሉ የማይቀርብ ግን ራስሽ ማወቅ ያለብሽ አንድ ነገር አለ፦ ካፒታል። ብሔራዊ ባንክ የባንኮችን ዝቅተኛ የተከፈለ ካፒታል ከ500 ሚሊዮን ወደ 5 ቢሊዮን ብር አሳድጎ፣ ለነባሮቹ እስከ ሰኔ 2018 ጊዜ ሰጥቷል። የባንክሽ የተከፈለ ካፒታል የቱ ጋ እንደነበረ ከሪፖርቱ የሀብትና ዕዳ መግለጫ ላይ ታገኚዋለሽ። ወሰኑ አካባቢ የሚንገዳገድ ከነበረ የመዋሃድ ወሬ አይቀርም፣ መዋሃድ ሲመጣ ደግሞ ዋና መሥሪያ ቤት ያለ ድርብ የሥራ መደብ ነው መጀመሪያ የሚነካው። ይህን እዚያ «ልትዋሃዱ ነው?» ብለሽ ብትጠይቂ የሚመልስልሽ ሥልጣን ያለው ሰው ላይኖር ይችላል። ሌላ ባንክም ቢቀጥርሽ ወደ የትኛው ትሄጃለሽ የሚለውን ስትወስኚ ነው የሚጠቅምሽ።

ፓነሉ ላይ ብዙውን ጊዜ ከሰው ኃይል አንድ ሰው፣ ከብድር ክፍሉ ኃላፊው ወይም ዳይሬክተሩ፣ አንዳንዴም ከሌላ ክፍል የመጣ ታዛቢ ይኖራል። ጥያቄሽን ለሚመልሰው ሰው አድርጊው። የሥራ ፍሰቱን ለዳይሬክተሩ፣ ስለ ሙከራ ጊዜ ያለውን ለሰው ኃይሏ። የሙከራ ጊዜ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፤ ስለዚህ «የሙከራ ጊዜው ስንት ነው?» ብለሽ ጊዜ አታባክኚ። «ከሙከራ ጊዜው መጨረሻ ላይ የምመዘነው በምንድን ነው፣ መዛኙስ ማን ነው?» በይ። ደመወዝ ማስታወቂያው ላይ «በባንኩ ስኬል መሠረት» ከተባለ እዚያ አትጎትቺው። ስለ ዋስ፣ ስለ ሠራተኛ የቤት ብድር፣ ሥልጠና ከሰጡሽ በኋላ የሚያስፈርሙት የአገልግሎት ግዴታ ካለ፣ ሁሉም ደውለው «አልፈሻል» ባሉሽ ቀን የሚጠየቅ ነው። ያኔ ግን ሳትፈርሚ በፊት በግልጽ ጠይቂ፣ ዋስ ፍለጋ ሳምንት ሊፈጅ ይችላል።

አራት ጥያቄ ጻፊና ግቢ፣ ሁለት ትጠይቂያለሽ። ለምን ሁለቱ ይተርፋሉ? አንዱን ቃለ መጠይቁ መሃል ላይ ራሳቸው ይመልሱልሻል፤ ዳይሬክተሩ «እኛ ጋ አናሊስቱ ቅርንጫፍ ድረስ ወርዶ ያጣራል» ብሎ ከተናገረ በኋላ ያንኑ መልሰሽ ብትጠይቂ አልሰማሽም ማለት ነው። ሌላኛው በሰዓት ይቀራል፣ ከአንቺ ኋላ ሰው ተሰልፏል። ወረቀቱን አውጥተሽ ብታይ ነውር የለውም፣ «ጥቂት ጽፌ ነበር» በይና ተመልከቺ። ስልክ ግን አታውጪ።

ዓመታዊ ሪፖርቱን ዛሬ ማታ ካላገኘሽው፣ ነገ ጠዋት አቅራቢያሽ ያለ ቅርንጫፋቸው ሄደሽ የታተመ ቅጂ ጠይቂ፤ ካላቸው ይሰጡሻል። ወረፋ ስትጠብቂም ዝም ብለሽ አትቀመጪ፤ የብድር ጠረጴዛው ጋ ማን እንደተቀመጠና ደንበኛው ምን ያህል ጊዜ «ፋይሉ ዋና መሥሪያ ቤት ነው» እንደሚባል ስሚ። ዋና መሥሪያ ቤት የተባለችው ከሐሙስ በኋላ አንቺ ልትሆኚ ትችያለሽ።